ክፍያ ስንጨምር ለወላጅ የምንጽፈው ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ያለ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። 420 ተማሪዎች አሉን። ወርሃዊ ክፍያችን 3,200 ብር ነው፤ ወደ 4,000 ልናሳድገው አስበናል። ለ38 ሠራተኞች በአማካይ የ3,000 ብር የደመወዝ ጭማሪ እናደርጋለን። የሕንፃው ኪራይ በወር 80,000 ብር ጨምሮብናል። ወረቀትና ኅትመት በዓመት 252,000 ብር ተጨማሪ ይፈልጋል። ቀሪው ለልዩ ልዩ ወጪ ነው። የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ግንቦት 22 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚከተለውን ደብዳቤ ልልክ ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ‹ጠንከር ይበል› ይላሉ፣ መምህራኑ ‹ወላጁን ያስቀይማል› ይላሉ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ርቀው የሄዱ ናቸው። ጠንካራም አዛኝም እንዲሆን እንዴት ላስተካክለው?

‹ውድ ወላጆች፤ በወቅታዊው የዋጋ ንረትና በዶላር ምንዛሪ መጨመር ምክንያት የትምህርት ቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ከመስከረም ጀምሮ 4,000 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ለሚፈጠረው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እየጠየቅን፣ በወቅቱ የማይከፍል ወላጅ ልጁ ከትምህርት ገበታው እንደሚታገድ በጥብቅ እናሳስባለን። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።›»

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ከስብሰባው በፊት አይላኩት። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ለመጨመር መጀመሪያ ከወላጅ ጋር መወያየት አለበት፤ ሂደቱን የሚከታተለውም የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ስብሰባው ሳይደረግ «ተወስኗል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከወጣ፣ ያው ወረቀት በማግስቱ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማ ይሄዳል። እርስዎም ስለ ጭማሪው ማስረዳት ትተው ስለ ወረቀቱ ማስረዳት ይጀምራሉ።

ስለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው የስብሰባ ጥሪ ነው። እሱ አጭር ይሁን፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚቀርበውን የክፍያ ሐሳብና የወጪውን ዝርዝር ይያዝ። «ሐሳብ» የሚለውን ቃል በግልጽ ይጻፉት። ወላጅ ስብሰባው ላይ ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማ መደንገጡ አይቀርም፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ አይወያይም። ሁለተኛው ወረቀት የውሳኔው ደብዳቤ ነው። እሱ የሚጻፈው ስብሰባው ተደርጎ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ፣ በባለሥልጣኑ በኩል ያለው ካለቀ በኋላ ነው። መመሪያዎች ስለሚሻሻሉ የዘንድሮውን በእጅዎ ይዘው ይሥሩ፤ ያምናውን ቅጂ አይመኑ። እዚህ የማስተካክልልዎ ይህን ሁለተኛውን ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ። ባለቤቱም መምህራኑም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ግን ሁለቱም ጥንካሬንና ርኅራኄን የሚፈልጉት የሌሉበት ቦታ ነው። ጥንካሬ «በጥብቅ እናሳስባለን» በሚለው ውስጥ የለም። አንድ ደብዳቤ ጠንካራ የሚሆነው ስንት ብር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምንን ይጨምራል፣ ምንን አይጨምርም የሚሉትን ሲመልስና ለድርድር ያልቀረበው ነገር ለድርድር ያልቀረበ መሆኑን ሲናገር ነው። ዛቻ ግን ደብዳቤውን ያደክመዋል። ወላጁ ስለ ገንዘቡ ማሰብ ትቶ ስለ ክብሩ ማሰብ ይጀምራልና።

ርኅራኄም «ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» ውስጥ የለም። ይህ ውሃ ሲጠፋና መብራት ሲቋረጥ የምንሰማው አነጋገር ነው። በወር ተጨማሪ ብር ከየት እንደማመጣ እያሰብኩ ያለሁ ወላጅ አልተጉላላሁም፤ ቸግሮኛል። ለዚያ ሰው የሚደርስለት እውነተኛ በር ነው። በሩ የት እንዳለ፣ እስከ መቼ ክፍት እንደሆነና ማን እንደሚከፍተው ሲነግሩት ያዘኑለት መሆንዎን ያውቃል።

«ተወስኗል» የሚለውን ግስ ይተዉት። ማን ወሰነ? አማርኛችን ድርጊቱን የፈጸመውን መደበቅ ስንፈልግ የምንሸሸግበት ብዙ በር አለው፤ «ተጨምሯል»፣ «ተደርሷል»፣ «ተገኝቷል» እያልን እንቀጥላለን። ወላጅ ይህን ወዲያው ያሸታል። «ወስነናል» ይበሉ። በአንድ ቃል ለውጥ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ደብዳቤው ውስጥ ይገባል። እኔ እስካሁን ባየሁት፣ ከሁሉም በላይ ደብዳቤን የሚያጠነክረው ይህ ለውጥ ነው።

የዶላሩንም አረፍተ ነገር ያውጡት። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከየትምህርት ቤቱ የሚወጣ ደብዳቤ በዚሁ ይጀምራል። ወላጁ ግን ዘይትና ሽንኩርት የሚገዛው እዚሁ አገር ነው፤ የኑሮ ውድነቱን ከእርስዎ መስማት አያስፈልገውም። ሊሰማ የሚፈልገው የእናንተ ትምህርት ቤት ወጪ የት ላይ በስንት እንደጨመረ ነው። ሰላምታውም ላይ «ውድ ወላጆች» አይበሉ። በሌላ ደብዳቤ መልካም ቃል ነው፤ በክፍያ ደብዳቤ ላይ ግን «ውድ» ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ነው፤ ቴሌግራሙ ላይ መቀለጃ ይሆናል። «የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች» ይበቃል።

ከቃላቱ በፊት ግን ቁጥሩ መስተካከል አለበት። የላኩልኝን ዝርዝር አብረን እናስላ።

420 ልጆች 800 ብር ቢጨምሩ፣ በ10 ወር 3,360,000 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ወላጆች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ወላጅ የሚከፍለው 10 ወር ነው፤ መምህር ደመወዝ የሚቀበለው 12 ወር ነው። ኪራይም እንዲሁ። ይህን ካላስረዱ፣ ከስብሰባው ላይ ካልኩሌተር የሚያወጣ ሰው «በወር 114,000 ለደመወዝ፣ 80,000 ለኪራይ፤ ሌላው የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውም ትክክል ነው።

ደመወዙን እንመልከት። የአንድ ሠራተኛ 3,000 ብር በ12 ወር 36,000 ነው። በዚህ ላይ አሠሪው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ አለ፤ ስለዚህ 39,960 ይሆናል። ለ38 ሠራተኞች 1,518,480 ብር ነው። ኪራዩ 80,000 በ12 ወር 960,000 ነው። ወረቀትና ኅትመት 252,000። ሦስቱ ተደምረው 2,730,480 ብር ይሆናሉ። ከ3,360,000 ላይ ሲቀነስ 629,520 ብር ይቀራል። «ልዩ ልዩ» ያሉት ይህ ነው። ለአንድ ልጅ በወር 150 ብር ማለት ነው።

ይህን 150 ብር ይዘው ስብሰባ አይግቡ። ሌላው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ይህ አንድ መስመር ሁሉንም ያስጠረጥራል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከ150ው ላይ 100ውን ይተዉት፤ 50ውን ለተቸገሩ ወላጆች ድጋፍ ብለው በስሙ ይጥሩት። ጭማሪው 700 ብር ይሆናል፣ ክፍያውም 3,900። የዓመቱ ገቢ 2,940,000 ይመጣል። ከወጪው ላይ የሚተርፈው 209,520 ብር ነው። አንድን ልጅ ከጭማሪው ሙሉ በሙሉ ነፃ ማድረግ በዓመት 7,000 ብር ያስወጣል። ስለዚህ 29 ልጆችን መደገፍ ትችላላችሁ ማለት ነው። ባለቤቱ 100 ብሯ ከበደቻቸው፣ ለምን እንደምታስፈልግ ስም ያውጡላትና ከዝርዝሩ ውስጥ ያስገቧት። ስም ካልተገኘላት ግን መጠየቅ የለባትም።

29 ልጅ ከ420 ብዙ አይደለም። ይህን አስቀድመው ለራስዎ ይወቁት። ደብዳቤው ላይ «ለተቸገረ ሁሉ እንረዳለን» ብለው ከጻፉ 80 ማመልከቻ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ 51 ሰው በጽሑፍ የተገባለት ቃል ታጥፎበት ይሄዳል። መጠኑ የተገደበ መሆኑን መናገር ጭካኔ አይደለም።

ደብዳቤው እንዲህ ይሁን። ስብሰባው በዚህ ቁጥር ካለፈ ነው፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ ከተቀየረ ደብዳቤውም ይቀየራል።

«የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

ከመስከረም 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ተማሪ ወርሃዊ ክፍያ ከ3,200 ብር ወደ 3,900 ብር እንዲሆን ወስነናል። ጭማሪው 700 ብር ነው። ውሳኔውን ያሳለፍነው ግንቦት 22 ከእናንተ ጋር ከተወያየን በኋላ ነው። በዕለቱ ጭማሪውን የተቃወማችሁ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ሐሳባችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።

ከ700 ብሩ ወደ 360 የሚሆነው ለመምህራንና ለሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪና ለጡረታ መዋጮ ይውላል። ወደ 230 የሚሆነው ለሕንፃው ኪራይ ነው። 60 ብር ለወረቀትና ለኅትመት ነው። ቀሪው 50 ብር ለድጋፍ ይቀመጣል። ክፍያ የምንሰበስበው 10 ወር ቢሆንም ደመወዝና ኪራይ የምንከፍለው 12 ወር ነው።

በመመዝገቢያ ክፍያ ላይ ጭማሪ የለም። በ2019 የትምህርት ዘመን ውስጥ ሌላ የወርሃዊ ክፍያ ጭማሪ አናደርግም።

700 ብር ለብዙ ቤተሰብ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። በተለይ ከሰፈራችሁ ተነስታችሁ ልጆቻችሁን ከሩቅ የምታመላልሱ ወላጆች ትራንስፖርቱም እንደጨመረባችሁ እናያለን። የወርሃዊ ክፍያውን መጠን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለይተን መቀነስ አንችልም። ነገር ግን በያዝነው ድጋፍ እስከ 29 ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ከጭማሪው ነፃ እናደርጋለን። ማመልከት የምትፈልጉ እስከ ሐምሌ 10 ድረስ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ በግል መጥታችሁ ቅጹን ሙሉ። ለሁሉም አመልካች እስከ ሐምሌ 24 በጽሑፍ መልስ እንሰጣለን።

ክፍያው ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ይፈጸማል። የሚዘገይባችሁ ወር ካለ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለሂሳብ ክፍል ንገሩን፤ በዚያው ወር ውስጥ የምትከፍሉበትን ቀን አብረን እንይዛለን። ስለ ክፍያ ልጆችን አናነጋግርም።

ጥያቄ ያላችሁ በሥራ ቀናት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቢሮዬ ድረስ ኑ።»

ከታች የእርስዎ ሙሉ ስም፣ ፊርማና ማኅተም። «አስተዳደሩ» ብለው አይፈርሙ።

ስለ ጥቂቱ መስመር ላስረዳ። ቁጥሩን የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ ያስቀመጥኩት ወላጅ ደብዳቤውን ሲከፍት ዐይኑ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ነው። ሁለት አንቀጽ ሙሉ ስለ ትምህርት ጥራት አንብቦ መጨረሻ ላይ 3,900 ሲያገኝ እንደተታለለ ይሰማዋል። የመግቢያው ምስጋናም ከንቱ ይቀራል።

«የተቃወማችሁ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን» የሚለውን ባለቤቱ ሊፈሩት ይችላሉ። አይሰርዙት። ብዙ ትምህርት ቤት «ከወላጆች ጋር በተደረሰው ስምምነት መሠረት» ብሎ ይጽፋል። በዕለቱ እጁን አውጥቶ የተቃወመ ሰው ይህን ሲያነብ ሐሰት ነው ይላል፤ እውነቱንም ነው። ቃለ ጉባኤው ምን እንደሚል አይተው ከዚያ ጋር የሚስማማ ቃል ይጻፉ። ከተስማሙ «ተስማምተናል»፣ ከተወያዩ «ተወያይተናል»።

ሐምሌ 24ን የመረጥኩት ምዝገባው ከመድረሱ በፊት ስለሆነ ነው። ማመልከቻው ተቀባይነት ያላገኘ ወላጅ ሌላ ትምህርት ቤት ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልገዋል። በጳጉሜን «አልተቻለም» የተባለ ሰው መሄጃ የለውም። መልሱ «አይቻልም» በሆነበት ጊዜ እንኳ ለወላጁ ልትሰጡት የምትችሉት ነገር ጊዜ ነው፤ እሱን አትንፈጉት።

የእገዳውን ዛቻ ለምን እንዳወጣሁት ደግሞ ከራሴ ልንገርዎ። ቀድሞ በምሠራበት አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ልጆቹ የመልእክት ደብተር ላይ በስቴፕለር አያይዘን ላክን። ወረቀቱ ተጣጥፎ እንኳ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ማንበብ የቻለችው በዚያው ዓመት ነው። ታክሲ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጣ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ይታገዳል» ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «እማዬ፣ እኔን ነው?» አለቻቸው። ታክሲው በሙሉ ዝም አለ። እናትየው አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ይህንን ነገሩኝና ክፍያውን ከፍለው ሄዱ። የልጅ ስም ባለበት አረፍተ ነገር ውስጥ ቅጣት የማልጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ይህ ማለት የማይከፍልን ዝም ይበሉ ማለት አይደለም። ያልከፈለውን ወላጅ ለብቻው ይጥሩት፤ ለዚያ ወላጅ በግል የሚጻፍ ደብዳቤ ጠንከር ሊል ይችላል። ግን በሰልፍ ላይ ስም መጥራት፣ ልጁን ከክፍል አስወጥቶ ሂሳብ ክፍል መላክ፣ ወረቀቱን ለ420 ወላጅ ስለ ጥቂት ሰው ብሎ በዛቻ መሙላት አይገባም። በወቅቱ የሚከፍለው ብዙኃኑ ነው፤ እሱን ያልበደለበትን ለምን ያስፈራሩታል?

የድጋፉ ቅጽ ላይም ይጠንቀቁ። አንድ ገጽ ይሁን። ሥራ ያጣ ሰው የስንብት ደብዳቤ፣ ደመወዝተኛ የደመወዝ ማስረጃ፣ ከሰፈሩ የተነሳ ሰው የተሰጠውን ወረቀት ቢያያይዝ ይበቃል። ችግሩን በታሪክ መልክ እንዲጽፍ አያስገድዱት። የሚያዩትም ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ እርስዎ፣ ሂሳብ ክፍሉና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አንድ ወላጅ። ከዚህ ውጭ የክፍል መምህሯ እንኳ ማወቅ የለባትም። ማን እንደተደገፈ ግቢው ውስጥ ከታወቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት በእውነት የቸገረው ሰው አያመለክትም።

ደብዳቤው የማይችለው ነገርም አለ። ጭማሪውን የማይችል ወላጅ ደብዳቤው በጥሩ አማርኛ ስለተጻፈ አይችልም። ጥቂት ልጆች ይለቃሉ። ለእነሱ የመልቀቂያ ወረቀትና የውጤት ማስረጃ በዕለቱ እንዲሰጥ አስቀድመው ለሰነድ ክፍሉ ይንገሩ። ከስሌቱም አንፃር 420ው ሙሉ እንደማይቀር ያስቡ። 20 ልጅ ቢለቅ ከጭማሪው ብቻ 140,000 ብር ይጎድላል፤ ከነባሩ ክፍያ የሚጎድለው ደግሞ 640,000 ነው። ስለዚህ ምዝገባው ሳያልቅ ከ38ቱ ሠራተኞች ለአንዱም አዲሱን ደመወዝ በደብዳቤ ቃል አይግቡ። ባለቤቱ «ብዙ ብንጨምር ይሻላል» ሲሉ ይህን ሁለተኛ ቁጥር ያሳዩአቸው።

አሰጣጡም ይታሰብበት። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ፣ በወላጅ ስም ይላክ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ላይ ሙሉውን እርስዎ ራስዎ ይለጥፉት፤ ያለበለዚያ አንዱ ገጽ ብቻ ፎቶ ተነስቶ ሲዞር ያዩታል። አርብ አይላኩት። ቅዳሜና እሁድ ወላጅ ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው አያገኝም፤ ሰኞ ጠዋት በር ላይ የሚጠብቅዎ ሁለት ቀን ሲብላላ የከረመ ቁጣ ነው። ማክሰኞ ይሁን፤ ረቡዕና ሐሙስ ሌላ ቀጠሮ አይያዙ። የጥበቃ ሠራተኛውንና ጸሐፊዋን ደብዳቤውን አስነብቧቸው፤ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ጸሐፊዋ «እኔ አላውቅም» ካለች የጻፍነው ሁሉ እዚያው በር ላይ ይቀራል። «ርዕሰ መምህርቷ ውስጥ አሉ፤ ይግቡ» ትበል።